«የዲግሪ ኤቫሉዌሽን በ5 ቀን» የሚል ወረቀት ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉ

ዲኤምቪ የምትኖሩ እነዚህን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ታክስ ይሠራሉ፣ ትኬት ይቆርጣሉ፣ የኢሚግሬሽን ፎርም ይሞላሉ። አሁን ደግሞ የውጭ ዲግሪ እንገመግማለን ብለው መስኮታቸው ላይ ለጥፈዋል። እኔን 350 ዶላር አስከፈሉኝ። በዜል ብቻ፣ ካርድ የለም።

ያመለከትኩት ለፌዴራል መንግሥት የአካውንታንት ሥራ ነው። ዲግሪዬ ከአገር ቤት የባንኪንግና ፋይናንስ ነው። ለዚህ ሥራ ዲግሪው በቀጥታ አካውንቲንግ ካልሆነ፣ በተቀራራቢ ሙያ ሆኖ 24 ሰሚስተር ሰዓት የአካውንቲንግ ኮርስ ይጠየቃል። ከ24ቱ እስከ 6 ድረስ የቢዝነስ ሕግ ቢሆን ችግር የለም። ስለዚህ «ዲግሪ አላት» የሚል ወረቀት ምንም አያደርግልኝም። እያንዳንዱ ኮርስ በአሜሪካ ስንት ሰዓት እንደሚይዝ መቆጠር አለበት።

እህቴ አዲስ አበባ የኮስት ሼሪንጉን ጣጣ ጨርሳ፣ ሬጅስትራር ደጅ ተሰልፋ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን አስወጣችልኝ። የታሸገ ፖስታ ነው፣ ክዳኑ ላይ ማኅተም ያረፈበት። በዲኤችኤል መጣ። ሳልነካው ይዤ ሄድኩ።

ባንኮኒው ላይ ለነበረችው ልጅ ሰጠኋት። «ሳይከፈት ነው አይደል የምትልኩት?» አልኳት። አልመለሰችልኝም። የመኪና ቁልፏን አነሳችና ፖስታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰነጠቀችው። ማኅተሙ ለሁለት ተቀደደ። «ኧረ ምን እያደረግሽ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «እህቴ፣ ፖስታ እኮ ነው፣ ታቦት አይደለም» አለችና ወረቀቶቹን ይዛ ወደ ኮፒ ማሽኑ ሄደች። ከኋላዬ የቆመ ሰውዬ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ጉዳዩ ላልገባው ሰው፦ ትክክለኛ ገምጋሚ ትራንስክሪፕት የሚቀበለው ከሬጅስትራር በቀጥታ ሲላክለት ወይም እሽጉ ሳይነካ ሲደርሰው ነው። ከተከፈተ በኋላ ያው ስቱደንት ኮፒ ማለት ነው። የእህቴ ልፋት በአንድ የመኪና ቁልፍ አለቀ።

ከዚያ «ኤቫሉዌሽኑ» ደረሰ። ወርቃማ ማኅተም፣ ወፍራም ወረቀት፣ ሪባን ሁሉ አለው። ውስጡን ሳነብ ግን 182 ክሬዲት ይላል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ባችለር የሚያልቀው በ120 አካባቢ ነው! የኔ ትራንስክሪፕት ላይ ያለው ኢሲቲኤስ የሚባለው የአውሮፓ የክሬዲት አቆጣጠር ነው፣ ሞጁላር ሥርዓቱ ከመጣ ወዲህ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። በኢሲቲኤስ የአንድ ዓመት ትምህርት 60 ነው፣ በአሜሪካ ክሬዲት ደግሞ 30። ስለዚህ በተለምዶ ለሁለት ይካፈላል። እነሱ ቁጥሩን እንዳለ ገለበጡት።

የኔን ብቻ እንይ። ስምንት የአካውንቲንግ ኮርስ አለኝ፣ እያንዳንዱ 5 ኢሲቲኤስ። በነሱ ወረቀት 40 ሰዓት ሆነ። ለሁለት ሲካፈል ግን 20 ነው። ቢዝነስ ሎው ሲጨመር 22.5። ከ24ቱ የቀረኝ 1.5 ብቻ ነበር! ይህን በጊዜ ባውቅ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ አንድ ባለ 3 ክሬዲት የአካውንቲንግ ኮርስ እወስድ ነበር፣ ነገሩም ያልቅ ነበር። 40 ተብዬ ግን ተዝናንቼ አመለከትኩ።

መሥሪያ ቤቱ ጣለው። ግምገማው ተቀባይነት ካለው ድርጅት የመጣ አይደለም፣ የትምህርት መስፈርቱን አታሟይም የሚል መልስ መጣ። ማስታወቂያውም ተዘጋ።

ሱቁ ተመልሼ ባለቤቱን አናገርኩት። ደረሰኙን አንብቢው አለኝ። «የትርጉም አገልግሎት» ይላል። «እኛ ትርጉም ነው የሸጥንልሽ፣ እነሱ አልቀበልም ካሉ ከነሱ ጋር ተነጋገሪ» ብሎ ስልኩን ማየት ቀጠለ። ትራንስክሪፕቴ እኮ ድሮም በእንግሊዝኛ ነው! ምኑን ነው የተረጎሙት?

ለማንኛውም፣ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ የውጭ ዲግሪ አይገመግምም፣ የትምህርት መሥሪያ ቤቱም ለገምጋሚዎች እውቅና አይሰጥም። «መንግሥት የፈቀደልን» የሚል ካለ ውሸቱን ነው። ብዙ ቀጣሪዎች የሚጠይቁት ናሴስ የሚባለው የገምጋሚዎች ማኅበር አባል የሆነ ድርጅት ነው፣ ዝርዝሩ naces.org ላይ አለ። ክሬዲት የሚቆጠርበት ሥራ ከሆነ «ኮርስ ባይ ኮርስ» የሚባለውን ሪፖርት እዘዙ። ባለ 3 ዓመት ዲግሪ ያላችሁ ደግሞ አንዱ ገምጋሚ ሙሉ ባችለር ሲለው ሌላው ላይለው ስለሚችል፣ ሳትከፍሉ በፊት በኢሜይል ጠይቋቸው። ትራንስክሪፕቱንም ሬጅስትራሩ በቀጥታ ለነሱ ይላክ፣ በማንም ባንኮኒ አይለፍ።