ተራ ዋስ ወይስ የአንድነት ዋስ? ፊርማው የሚያስከትለው ልዩነት

የእህቴ ባል ፍኖተ ሰላም ላይ ወፍጮ ሊተክል ነው። 600,000 ብር ለመበደር «ዋስ ሁነኝ» አለኝ። እምቢ ማለት ይከብዳል፤ የእህቴ ልጆች አሉ። ውሉን ሳነብ ግን «ከተበዳሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ አየሁ። ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ተራ ዋስ ተጠባባቂ ነው። አበዳሪው ቢከሰው «መጀመሪያ የባለዕዳውን ንብረት ሽጥ» ማለት ይችላል። ይህን የሚለው ግን ክሱ እንደደረሰው፣ በመጀመሪያው መልሱ ላይ ነው። ዝም ብሎ ቆይቶ ኋላ ቢያነሳው ላይሰማ ይችላል። በዚያ ሐረግ የሚፈርም የአንድነት ዋስ ግን ይህ መብት የለውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1933 አበዳሪው ባለዕዳውን ሳይጠይቅ፣ መያዣውንም ሳይሸጥ በቀጥታ ወደ ዋሱ እንዲሄድ ይፈቅዳል።

በቁጥር እንየው። ወፍጮው በመያዣነት ተይዟል እንበል። ከብድሩ የተወሰነው ተከፍሎ ቀሪው ዕዳ ከነወለዱ 520,000 ብር ሆነ። ተራ ዋስ ከሆንኩ ወፍጮው ቀድሞ ይሸጣል። 350,000 ብር ቢያወጣ እኔ የምጠየቀው 170,000 ብር ነው። የአንድነት ዋስ ከሆንኩ ግን ሙሉውን 520,000 ብር ከእኔ ሊጠይቁኝ ይችላሉ። ከከፈልኩ በኋላ በአበዳሪው እግር ተተክቼ የእህቴን ባል መጠየቅ እችላለሁ። ግን ማን ነው ወንድም የሚለውን ሰው ፍርድ ቤት የሚያቆም?

እንግዲህ ተራውን እንምረጥ ማለት ነው? ከተገኘ፣ አዎ። ችግሩ አበዳሪዎች የሚያቀርቡት ብዙውን ጊዜ የታተመ ቅጽ ነው፤ «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን አናወጣም ይላሉ። እኔም ሐረጉን ለማስወጣት ስሞክር አልሆነልኝም። የተሳካልኝ የምጠየቅበት ገንዘብ ጣሪያ ላይ ነው።

አንቀጽ 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም ይላል። ስለዚህ ቁጥር መጻፉ አይቀርም፤ ጥያቄው ስንት ይሁን የሚለው ነው። ቅጹ ላይ 750,000 ተሞልቶ ነበር። እኔ «ዋናውን፣ ወለዱን፣ ቅጣቱንና የክስ ወጪውን ጨምሮ ከ200,000 ብር አይበልጥም» ብዬ አስጻፍኩ። «ጨምሮ» የምትለዋን ቃል አትተዋት፤ እሷ ከሌለች ወለዱ ከጣሪያው በላይ ነው የሚል ክርክር ይከፈታል። በዚህ ጣሪያ የአንድነት ዋስ ብሆንም የሚያገኘኝ ከ200,000 አያልፍም። ከተራ ዋሱ 170,000 ብዙም አይርቅም።

ሌላ ዋስ አብሮህ ከፈረመ «ግማሽ ግማሽ እንከፍላለን» ብለህ አትገምት። ድርሻህ በቁጥር ይጻፍ። ብድሩ ሲታደስ ወይም ሲጨመር ያለአንተ ፊርማ ዋስትናህ እንደማይቀጥልም አስገባ።

ቅጂውን ሳትይዝ ከቢሮው አትውጣ።