አሮጌው ማክቡክ የግቢውን ፓስወርድ አወጣልን

ይህን የ2015 ማክቡክ ኤር ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ ወራት አልፎታል። ባትሪው ደከም ብሏል። ሲስተሙም ከሞንተሬይ አያልፍም። ሌላው ደህና ነው። የምጽፈው ግን ሰሞኑን ስለሠራልኝ ሥራ ነው።

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። የግቢውን ዋይፋይ ያስገባው የአከራዬ ልጅ ነው፤ ላፕቶፔ ላይ ፓስወርዱን የጻፈልኝም እሱ። አሁን አዲስ አበባ ገብቷል፤ ብንደውልለት «ረሳሁት» አለ። ራውተሩ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ደግሞ ልጁ ከመቀየሩ በፊት የነበረው ነው። እንግዳ መጥቶ ስልኩን ይዞ ይጠብቃል። ጎረቤት በመርፌ ሪሴት እናድርገው አለ። እንዲያ ብናደርግ የኢንተርኔት መስመሩ መግቢያ ስምና ፓስወርድም አብሮ ጠፍቶ ቴክኒሻን ስንለምን በከረምን ነበር።

«ያንተ ማሽን ይገባ የለም እንዴ? እሱን ጠይቀው እንጂ» አሉኝ እትዬ።

እውነታቸውን ነው። Keychain Access የሚባለውን ፕሮግራም ከፈትኩ። በግራ በኩል System የሚለውን መርጬ የዋይፋዩን ስም ፈለግሁ። ዓይነቱ AirPort network password ይላል፤ ኤርፖርት አፕል ድሮ ለዋይፋይ ያወጣው ስም ነው። ሁለቴ ተጭኜ Show Password ላይ ምልክት አደረግሁ።

ብዙ ሰው የሚቆመው እዚህ ጋ ነው። ማኩ ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል። የሚፈልገው የማሽኑን አስተዳዳሪ ፓስወርድ ነው፤ System ውስጥ ያለው የጠቅላላው ማሽን ንብረት ስለሆነ ተራ አካውንት አይከፍተውም። ሻጩ «አካውንቱን ምን አስነካህ? በዚሁ ተጠቀም» ብሎኝ ነበር። አይሆንም ብዬ አጥፍቼ በራሴ ስም አስተዳዳሪ ከፈትኩ። አሁን ምን ይለኝ ይሆን? የእሱን ምክር ብሰማ ፓስወርዱ እፊቴ ተቆልፎ ይቀር ነበር።

ወጣ። እንግዳው በስልኩ ጻፈው፤ እምቢ አለ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፓስወርዱ በኋላ ተቀይሮ እንደሆነ ነው፤ ማክ የሚያስቀምጠው የተሰጠውን ነው፣ ራውተሩ ላይ ቢቀየር የሚያሳየው አሮጌውን ነው። ግን ማኩ ራሱ በዚያው ሰዓት በዚያው ዋይፋይ ይሠራል። አጥፍቼ ባበራውም ይገባል። ስለዚህ ችግሩ ንባቡ ላይ ነው። ኮፒ አድርጌ TextEdit ላይ ለጠፍኩት፤ ፊደሉን Courier አድርጌ አሳደግሁት። ትልቁ I ያልነው ትንሿ l ሆና ተገኘች። እንግዳው ገባ።

ከሞንተሬይ ቀጥሎ የመጣው ሲስተም፣ ቬንቹራ፣ ወይም ከዚያ ወዲህ ያለው የተጫነባቸው ማኮች ይህን ሁሉ አይጠይቁም፤ የዋይፋይ ቅንብር ውስጥ ከስሙ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭኖ Copy Password ማለት ይበቃል። የኔ እዚያ አይደርስም፣ ይሁን። አዲስ ላፕቶፕ ውሰድና ለውጠን የሚለኝ ነጋዴ ግን ይለፍ፤ ባትሪውን አስቀይሬ እቀጥላለሁ።