ቡናማው ዳቦ ወይስ የሙሉ ስንዴው?

ባለፈው ሳምንት ጅማ ሂርማታ አካባቢ ካለ ሱቅ ሁለት የታሸጉ ዳቦዎች ገዝቼ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አንዱ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ላዩ ላይ አጃ ተነስንሶበታል። ሌላው ገርጣ ያለና ሸካራ ነው። ሐኪም አሰር (ፋይበር) ያለው ምግብ ያዘዘላት እናቴ ሳታመነታ ቡናማውን አነሣች። የተሳሳተውን ነው ያነሣችው።

ማሸጊያውን ገልብጠን የይዘቱን ዝርዝር አነበብን። ዝርዝሩ የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ስለሆነ ወሳኙ የመጀመሪያው ስም ነው። የቡናማው «የስንዴ ዱቄት» ብሎ ይጀምራል። «ሙሉ» የሚል ቃል ከሌለበት ብዙውን ጊዜ ያው ፉርኖ ነው፤ ፉርሽካውና የፍሬው ፅንስ ወጥተውለታል። ቀጥሎ ስኳርና ካራሜል ቀለም አለ፤ ቡናማነቱን የሰጠው እሱ ነው። አጃው ከመጨረሻ ነው የተጠቀሰው። የገርጣው ዳቦ ዝርዝር ግን «ሙሉ የስንዴ ዱቄት» ብሎ ይጀምራል። ቆርሰን ስናየው ውስጡ የፉርሽካ ቅንጣቶች ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። የቡናማው ውስጥ ወጥ ቀለም ነው፤ አንድም ቅንጣት የለበትም።

«በቫይታሚን የበለጸገ» የሚለው ጽሑፍም አያታልላችሁ። ለተፈተገ ዱቄት ብረትና ቫይታሚን መልሶ ሊጨመርለት ይችላል፤ የወጣው አሰር ግን በዚህ አይመለስም።

ቁጥሩ ልዩነቱን ያጎላዋል። ቡናማው በ100 ግራም 2.5 ግራም አሰርና 48 ግራም ካርቦሃይድሬት ይዟል፤ ገርጣው 7 እና 42። ካርቦሃይድሬቱን ለአሰሩ አካፍሉት፤ ውጤቱ 10 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ገርጣው 6 ሲመጣ ቡናማው ወደ 19 ይጠጋል። እናቴ ጠዋት ሁለት ቁራሽ፣ ማለትም 80 ግራም ያህል ብትበላ፣ ከቡናማው 2 ግራም፣ ከገርጣው 5.6 ግራም አሰር ታገኛለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም ይመክራል። ስታነጻጽሩ ሁለቱንም በ100 ግራም አድርጉት፤ አንዱ ማሸጊያ በቁራሽ፣ ሌላው በ100 ግራም ሊጽፍ ይችላል።

ይህ ስሌት አንድ ጉድለት አለው። ለፉርኖ ዱቄት ፉርሽካ ብቻ ከተጨመረበት ቁጥሩ ያምራል፤ ፅንሱ ግን አሁንም የለም። ስለዚህ ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት የመጀመሪያውን ስም አንብቡ።

የታሸገ የሙሉ ስንዴ ዱቄት የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የተመረተበትን ቀን እዩ። ፅንሱ ዘይት ስላለው ዱቄቱ ከፉርኖ ቶሎ ይበላሻል፤ እንደ ጅማ ባለ እርጥበታማ አየር ደግሞ ይብሳል። የመረረ፣ የቆየ ዘይት የሚመስል ሽታ ካለው አትጠቀሙበት። እኛ አሁን በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ስንዴ ወፍጮ ቤት እንወስዳለን፤ ቤት ስንመለስም ወንፊቱን አናወጣውም።