የባንክ ስቴትመንታችንን በእስክርቢቶ ላነበቡልን እትዬ

ታናሽ ወንድሜ የካናዳ የተማሪ ፈቃዱ ወጣለት። ሁለተኛ ሙከራው ነው። የመጀመሪያው ላይ ተከልክሎ ቤታችን ሐዘን ቤት መስሎ ነበር የሰነበተው። ትምህርት ቤቱም ያው፣ አባታችንም ያው፣ ብሩም ከሞላ ጎደል ያው ነው። የተለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ስቴትመንቱን የሚያነብ ሰው አገኘን። ስለዚህ ይሄ ምስጋናም ጥቆማም ነው።

እትዬ ነው ሁሉም የሚላቸው። ዕድሜያቸውን ባንክ ብድር ክፍል ነው የጨረሱት፤ አሁን ጡረታ ወጥተው መገናኛ አካባቢ የልጃቸው የጽህፈት መሣሪያ ሱቅ ጓዳ ውስጥ አንዲት ጠረጴዛ አላቸው። ስሜን እንዳትጽፍ ብለውኛል፣ ስልኬ አያርፍም ብለው። ቪዛ አያስጨርሱም፣ ፎርም አይሞሉም። ስቴትመንት ብቻ ነው የሚያነቡት። ብድር ሊሰጥ የተቀመጠ ሰው እንዴት እንደሚያነብ፣ እንደዛ።

መጀመሪያ የሄድንበትን ኤጀንሲ ስም አልጠራም። የአባዬን የአራት ወር ስቴትመንት አስወጡ፣ መጨረሻው ላይ 2,980,000 ብር ገደማ አለ፣ ማህተም አለው፣ "ብሩ አለ አይደል፣ ምን ቀረ?" ብለው መስከረም መግቢያ ላይ አስገቡት። የእምቢታው ደብዳቤ በንብረታችሁና በገንዘብ አቅማችሁ አላመንኩም የሚል ነበር። ኤጀንሲው ያመጣው መፍትሔ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ለሁለት ሳምንት ሌላ አንድ ሚሊዮን አካውንታችሁ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው አለ፣ በፐርሰንት። አባዬ ምንም ሳይመልስ ፋይሉን ከጠረጴዛቸው ላይ አንስቶ ወጣ። እኔም ተከተልኩት።

እትዬ ጋ የወሰደን አንድ ጎረቤት ነው። ገና ወረቀቱን ሳያዩ "ይሄ አራት ወር ነው፣ የአስራ ሁለት ወር አሳትማችሁ ኑ" ብለው መለሱን። ካናዳ የምትጠይቀው የአራት ወር ነው፣ እውነት ነው፣ ግን የእኛ ትልቁ ገንዘብ የገባው እዛው አራት ወር ውስጥ ስለሆነ፣ የሚያየው ሰው ከዚያ በፊት ይሄ ቤተሰብ ምን እንደነበረው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

አሳትመን መጣን። ማስመሪያ አወጡ፣ ቀይ እስክርቢቶ አወጡ። እኔ የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ ባላንሱን ላሳያቸው ስል እጄን ያዙኝና "እሱ ይቆየን" አሉኝ። ከዚያ እያንዳንዱን ወር እየሄዱ በዚያ ወር ቀሪው በጣም ዝቅ ያለበትን ቁጥር ብቻ አከበቡ። አስራ ሁለት ክብ።

"የመጨረሻው ቁጥርማ የዛሬ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ይሄ ግን አባትህ በቸገረው ቀን እንኳን ያልነካው ነው። ቆጥቧል የሚባለው በዚህ ነው፣ ልጄ።"

ትልቁ ገንዘብ ከመግባቱ በፊት ያሉት ክቦች ከ880,000 እስከ 1,150,000 ነበሩ። ዝቅተኛው ጥር ላይ ነው፣ አባዬ ዕቃ የሚያስገባበት ወር። እኔ በበኩሌ ያንን አካውንት ሁልጊዜ እንደ ሱቅ መሳቢያ ነበር የማየው፣ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ። ለካ ከስሩ ዓመቱን ሙሉ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ብር ተኝቷል። ይሄን ማንም አልነገረንም፤ ኤጀንሲውም አላየውም፣ እኛም አላየነው።

ከዚያ ወደ ዝላዩ ሄዱ። ኦገስት 27 ቀን 2025፣ በአንድ ቀን 1,850,000 ብር ገብቷል። ሚኒባሳችንን ሸጠን ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ብቻውን ሲቀመጥ "ተበድረው ነው፣ ነገ ያወጡታል" ነው የሚያስብለው አሉ። በእኛ አገር ደግሞ ዕቁብ የደረሰው አለ፣ ከዘመድ የመጣለት አለ፣ መሬት የሸጠ አለ፤ ሁሉም ስቴትመንቱ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ነው የሚታየው። "ታዲያ ውሉ የታለ?" አሉ። ውሉ አለን፣ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ነው፣ ትርጉሙም አለ፤ ኤጀንሲው "አያስፈልግም" ብሎ ሳያያይዘው ቀርቶ ነው እንጂ።

ትርጉሙን አነበቡት። ዝም አሉ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙረው ቀኑ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። 20/12/2017 ይላል።

እኔ ምንም አልታየኝም። ልክ ነዋ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ነው የሸጥነው። "በእኛ አዎ፤ ለፈረንጁ ግን ይሄ ዲሴምበር 20 ቀን 2017 ነው። መኪናውን ከሰባት ዓመት በላይ ቀድማችሁ ሸጣችሁ፣ ብሩ ግን አምና ነሐሴ ገባ እያላችሁት ነው" አሉኝ። ተርጓሚው ቃላቱን ተርጉሞ ቀኑን እንዳለ ትቶታል። ነሐሴ 20 ኦገስት 26 ነው፣ ብሩ በማግስቱ ገብቷል፣ እንዴት ያለ ግጥም ያለ ማስረጃ ነበር! ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም መጣ። እስቲ አሁኑኑ ተነሱና የልደት ሰርተፍኬታችሁን፣ የጋብቻችሁን፣ የውላችሁን ትርጉም እዩት፤ ወሩ በስሙ ካልተጻፈና ወደ ፈረንጆቹ ካልተቀየረ ተርጓሚው ጋ መልሱት።

ሌላም ነገር አዩ። ገንዘቡን የላከው በውሉ ላይ ያለው ገዢ ሳይሆን ወንድሙ ነው። ስቴትመንቱ ላይ የማይታወቅ ስም ተጽፏል ማለት ነው። ለዚህ ገዢው ራሱ ፈርሞ ወንድሜ ነው የከፈለልኝ የሚል አጭር ደብዳቤ ሰጠን፣ አለቀ። በነገራችን ላይ አባዬ ውሉን በትክክለኛው ዋጋ ነው ያጻፈው። ለግብር ብሎ ዋጋ ዝቅ አድርጎ የሚያጽፍ ሰው ውሉና የገባው ብር አይገጥሙለትም፣ እትዬ እንደሱ ያለውን ሰው "እኔ ምንም ላደርግልህ አልችልም" ብለው ነው የሚሸኙት።

በጣም ያሳፈረኝ ግን የአባዬ የስፖንሰር ደብዳቤ ነው። ኤጀንሲው ዓመቱን ሙሉ አካውንቱ ውስጥ የገባውን ሁሉ ደምሮ "ዓመታዊ ገቢዬ 6.2 ሚሊዮን ብር ነው" ብሎ ጽፎለታል። እሱ የመለዋወጫ ሱቅ ሽያጭ ነው እንጂ ገቢ አይደለም። ከዚያ ውስጥ ዕቃው ይገዛል፣ ኪራይ ይከፈላል፣ ሠራተኛ ይከፈላል። ለግብር ያሳወቀው ትርፍ 740,000 ነው። እትዬ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠው "6.2 ሚሊዮን የሚያገኝ ሰው ዓመቱን ሙሉ አንድ ሚሊዮን ብቻ ካለው ሌላውን የት አደረሰው? 740,000 የሚያተርፍ ሰው ግን አንድ ሚሊዮን ካስቀመጠ ጎበዝ ነው" አሉ። ትንሹ ቁጥር የበለጠ የሚያሳምን መሆኑ ለእኔ አዲስ ነገር ነው። ደብዳቤው ሽያጩን ሽያጭ፣ ትርፉን ትርፍ ብሎ እንደገና ተጻፈ፤ ንግድ ፈቃዱና የግብር ክሊራንሱ ተያያዙ።

እኔም ሁለተኛ ስፖንሰር ሆኜ ገባሁ። የመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ 52,000 ይላል፣ ስቴትመንቴ ላይ በየወሩ የሚገባው 32,210 ነው። ግብርና የ7 ከመቶ ጡረታ ተቆርጦ ነው፣ ለእኛ ግልጽ ነው፣ ለሌላ ሰው ግን ውሸት ይመስላል። የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀት አያይዝ አሉኝ፣ አያያዝኩ።

ሒሳቡን መጨረሻ ላይ ነው የሠሩት። ኤጀንሲው ለአንድ ዓመት መኖሪያ 20,635 የካናዳ ዶላር ብሎ ነበር የጻፈው። ያ ያለፈው ነው። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለገባ ማመልከቻ፣ ከኩቤክ ውጭ ለሚማር ብቸኛ ተማሪ 22,895 ሆኗል፣ ከትምህርት ክፍያና ከጉዞ ሌላ። የመጀመሪያ ዓመቱን ክፍያ ካልጋሪ ያለው አጎታችን ከፍሎ ደረሰኙ አለን። ስለዚህ 22,895 እና ለጉዞ 2,500፣ ድምሩ 25,395። በ110 ብር አባዙት፣ የዚያን ሰሞን ምንዛሪ እዚያ አካባቢ ነበር። 2,793,450 ብር መጣ። አባዬ 3,040,000 አለው። ይበቃል ብዬ ፈገግ ስል "ይበቃል፣ ግን ይጠብባል" አሉ። ምንዛሪው ነገ ከፍ ካለ ያ ትርፍ ብን ይላል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ የቆጠቡት በአንድ ሌሊት ያነሰባቸውን ደንበኞቻቸውን አይረሱም። የእኔ 410,000 የገባው ለዚህ ነው። አባዬ ብሩን ወደ ሌላ አካውንት ለይቼ ላስቀምጠው ወይ ብሎ ሲጠይቅም አይሆንም አሉት፣ ሌላ አዲስ ዝላይ ሌላ አዲስ ማብራሪያ ይፈልጋልና ባለበት ይቀመጥ።

እየጠበቅን ሳለ ከእኛ በፊት የነበረችው ልጅ ለእንግሊዝ ነበር የመጣችው። የእሷ ሌላ ነው። እዛ የሚፈለገው ገንዘብ ለ28 ተከታታይ ቀናት ከመጠኑ መውረድ የለበትም። የእሷ 19ኛው ቀን ላይ ለሁለት ቀን ብቻ ወርዶ ተመልሷል። "ከተመለሰበት ቀን ጀምረሽ እንደገና ቁጠሪ" አሏት። ምስኪን፣ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት።

ተስፋ ሰጥተው ብር የሚበሉ ሰው አይደሉም። ሲሸኙን "ወረቀታችሁ አሁን እውነቱን ይናገራል፣ መፍቀድና መከልከል ግን የእነሱ ነው" ነው ያሉን። ስለሚከራይ ብር ስነግራቸውም ቆጣ አሉ፤ ካናዳ አታለሃል ካለች አምስት ዓመት በሯን ትዘጋለች። ማመልከቻውን ለሜይ መግቢያ አሸጋግረን እንደገና አስገባን፣ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ መልሱ መጣ። ለሁለት ቀጠሮ 2,000 ብር ነው የከፈልነው። አባዬ ለማመስገን አንድ ኪሎ ቡና ይዞ ቢሄድ ግማሹን አፍልተው እዛው ለወረፋ ጠባቂው ሁሉ አጠጡት።

የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው ያሉት። የአስራ ሁለት ወር ስቴትመንት፣ በወረቀት የታተመ። ስልክ ላይ አሳያቸዋለሁ እንዳትሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ነው የሚያባርሯችሁ።