የቁልፍ ንዝረትን ማጥራት፦ በፒን ኢንተራፕት ወይስ በማያቋርጥ ታይመር?

ጅማ ላለ የቡና መጋዘን በባትሪ የሚሠራ የጆንያ መቁጠሪያ እንውሰድ፤ ATmega328P በ16 ሜጋኸርዝ፣ ቁልፉ PD2 ላይ። ቁልፉ ሲጫኑት ለጥቂት ሚሊሰከንድ ስለሚንቀጠቀጥ አንዱ ጆንያ ሦስት ሆኖ ይቆጠራል።

በፒን ኢንተራፕት፦ የመጀመሪያው ንክኪ ኢንተራፕቱን ያስነሳል፤ እሱም ራሱን ዘግቶ Timer1ን ያስጀምራል። በ64 ሲካፈል አንዱ ምት 4 ማይክሮሰከንድ ስለሆነ `OCR1A = 4999` ልክ 20 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ጊዜው ሲሞላ ታይመሩ ይቆምና የፒኑ ሁኔታ ይነበባል፤ ተለውጦ ከተጫነ ብቻ ይቆጠራል። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው፦ ኢንተራፕቱ ተዘግቶም ንዝረቱ ባንዲራውን ያነሳዋል፤ ሳያጠፉት መልሰው ከከፈቱት ወዲያው በከንቱ ይነሳል። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፤ ከንባቡ በኋላ ካጠፉት በመሃል የመጣ ለውጥ ይጠፋል።

```c
PCIFR = (1 << PCIF2);
now = PIND & (1 << PD2);
PCICR |= (1 << PCIE2);
```

በንክኪዎች መሃል ቺፑ ፓወር ዳውን ገብቶ ይተኛል። በ20ዎቹ ሚሊሰከንድ ግን አይድል ላይ ይቆይ፤ አለዚያ Timer1 ይቆማል።

በማያቋርጥ ታይመር፦ በየ5 ሚሊሰከንዱ ይነበባል፤ አራት ተከታታይ ንባብ ሲስማማ ይቆጠራል። ኮዱ ቀላል ነው፣ የሞተር ብልጭታንም ይቋቋማል፤ ግን ባትሪ ይበላል።

ቁልፉ አንድ፣ ኃይሉ ባትሪ ከሆነ የመጀመሪያው ይሻላል። ስምንት ቁልፍ ላለው፣ ከመብራት ጋር ለተያያዘ ሰሌዳ ግን ሁለተኛው።