«የሱቁ ኮድ ኔትወርክ የለውም፣ በዚህ ስካን አድርጊ» ሲሏችሁ አትክፈሉ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ዛሬ ከሰዓት የጎረቤቴ ልጅ በገዛች በሦስተኛ ቀኑ የተቃጠለ የጁስ መፍጫ ይዛ ወደ ሱቁ ተመለሰች። 4,600 ብር የከፈለችበት ነው። ባለሱቁ ስልኳን ተቀብሎ መልእክቱን አየና «ይሄ እኮ ለእኛ የተከፈለ አይደለም፣ የላክሽለትን ሰው ጠይቂ» ብሎ መለሰላት። ካሸሩ አጠገቡ ቆሞ ስልኩን ይነካካል፤ ቀና ብሎ እንኳን አላያትም።

የተበላችው እዚያው ባንኮኒ ላይ ነው፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ። የሱቁ ኪው አር ኮድ በፕላስቲክ ታሽጎ ባንኮኒው ላይ ቆሟል። በቴሌብር ስካን ልታደርግ ስትል ካሸሩ በእጁ ሸፈነውና «እሱ ኔትወርክ የለውም» ብሎ የራሱን ስልክ ዘረጋላት። ስካን አደረገች። ስክሪኑ ላይ የሱቁ ስም ሳይሆን የአንድ ሰው ስም ከነአባቱ መጣ። አይታዋለች! «ይሄ ማነው?» አለችው። «የባለቤቱ ወንድም ነው፣ ሰው እየጠበቀ ነው ባክሽ» አላት፤ ከኋላዋ የተሰለፉትም አጉረመረሙ። አፈረችና ፒኗን አስገባች።

እኔን ያንገበገበኝ «ኔትወርክ የለውም» የሚለው ነው። ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግም! ወረቀቱ ላይ ባለው ኮድ ውስጥ ያለው በዋናነት የተቀባዩ መለያ ነው። ያንን የሚያነበው የእናንተ ስልክ ነው፤ በእናንተው ኢንተርኔት መለያውን ወደ ሰርቨሩ ልኮ የተመዘገበውን ስም ይዞላችሁ ይመለሳል። በዚያው መተግበሪያ የካሸሩን ኮድ ማንበብና መክፈል ከቻላችሁ፣ የተቋረጠው ኔትወርክ አይደለም። ብሩ ወደ ሱቁ መዝገብ እንዳይገባ የፈለገ ሰው አለ ማለት ነው፤ ወይ ካሸሩ ለራሱ እየወሰደ ነው፣ ወይ ባለቤቱ ሽያጩን እየደበቀ ነው። የትኛውም ቢሆን ዕቃው ሲበላሽ የምትቀሩት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ፒን ከማስገባታችሁ በፊት የሚመጣው ገጽ ላይ ቁሙ። ወረቀቱ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ስም ማንም ማተም ይችላል፤ ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ግን ሒሳቡ የተከፈተበት ስም ነው። በሱቁ ኮድ ላይ ሌላ ስቲከር ተለጥፎበት ቢሆን እንኳን የሚያጋልጠው ይኸው ስም ነው። አንዳንድ ትንሽ ሱቅ በባለቤቱ ስም ይመዘገባልና የሰው ስም ማየት ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። ያን ጊዜ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የንግድ ፈቃድ ካለው ስም ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ፒን እስካልገባ ድረስ ከሒሳባችሁ የወጣ ብር የለም።

ሌላው የክፍያው ዓይነት ነው። ለነጋዴ ስትከፍሉ ግዢ ወይም ክፍያ ሆኖ ይመዘገባል፤ የግለሰብ ኮድ ሲሆን ግን «ገንዘብ መላክ» ይሆናል፣ ለዘመድ እንደላካችሁት ማለት ነው። የልጅቷ መልእክት ላይ የነበረው የሰው ስምና መሃሉ በኮከብ የተሸፈነ ስልክ ቁጥር ነው፤ ዕቃ ስለመግዛቷ አንድም ቃል የለበትም። ባለሱቁ የተደገፈው በዚህ ነው። እንዲህ ያለ ብር ደግሞ ወዲያው ስለሚገባ ተቀባዩ ካልተስማማ ማስመለሱ ከባድ ነው።

የብሩን መጠን በተመለከተ፣ የታተመ ወረቀት ከሆነ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ፤ 460 እና 4,600 በአንድ ዜሮ ነው የሚለያዩት። ኮዱ በማሽን ስክሪን ላይ ለእናንተ ሒሳብ ብቻ የወጣ ከሆነ ብሩ ተሞልቶ ይመጣል፤ ከተነገራችሁ ዋጋ ጋር ሳታስተያዩ አታጽድቁ። «አልገባም፣ ድገሚው» ካሏችሁም መጀመሪያ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ። ከተቀነሰ አትድገሙ፣ የግብይት ቁጥሩን አሳዩ።

የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ሳትቀበሉ ከባንኮኒው አትሂዱ፤ ልጅቷ «ወረቀት አልቋል» ተብላ ነው የወጣችው። ለተሳሳተ ሰው ከከፈላችሁ ደግሞ ሳይመሽ የግብይት ቁጥሩን ይዛችሁ ደውሉ፤ ቴሌብር 127፣ ንግድ ባንክ 951 ነው።