ባለገመድ ወይስ ገመድ አልባ ጆይስቲክ?

በሴኮንድ 60 ምስል በሚያሳይ የፍልሚያ ጨዋታ እያንዳንዱ ምስል የሚቆየው 16.7 ሚሊሴኮንድ ገደማ ብቻ ነው። ብሉቱዝ ቤት ውስጥ እምብዛም አያስቸግርም፤ ብዙ ስልኮችና ጆይስቲኮች የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድን በሚሻሙበት የውድድር አዳራሽ ግን መዘግየቱ በየቅጽበቱ ይለዋወጣል፤ እጅ ቋሚ መዘግየትን ሊለምድ ስለሚችል፣ ይበልጥ የሚያሰጋኝ ይህ መለዋወጥ ነው። ስለዚህ ለውድድር ገመዱን እመርጣለሁ።

ሆኖም መሰካቱ ብቻ አይበቃም። የተለመደው የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ሁለት የኃይልና ሁለት የዳታ ሽቦዎች ሲኖሩት፣ ለቻርጅ ብቻ የተሠራው ወጪ ለመቀነስ የዳታዎቹን ስለሚተው፣ ባትሪው እየሞላም ትእዛዙ በብሉቱዝ መጓዙን ይቀጥላል። ለመለየት ብሉቱዙ ከጠፋ ኮምፒውተር ጋር ያገናኙት፤ ጆይስቲኩ ቻርጅ እያደረገ ኮምፒውተሩ ካላወቀው፣ በሌላ ገመድ ደግሞ ካወቀው፣ ችግሩ የገመዱ ነው። ገመዱ ደህና ከሆነ በፕሌይስቴሽን 5 ላይ Communication Method የሚለውን ወደ Use USB Cable ይቀይሩት።